እንጦጦ ግማሽ ሜትር ላይ

እናቴ ጠዋት ጠዋት ዳዊት የምትደግመው መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነው። ዕድሜዋ ሃምሳን ካለፈ ወዲህ መጽሐፉን ከፊቷ እያራቀችው ሄደች። ክንዷ ተዘርግቶ እስኪያልቅ በዚሁ ዘለቀች፤ በመጨረሻ ዓይኗን አስመርምረን ፕላስ ሁለት መነጽር ገዛንላት። እኔ ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የማደርገው ማይነስ ሁለት ነው። አንድ ቀን ሁለቱ መነጽሮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ «ልጄ፣ ያንተም ሁለት፣ የኔም ሁለት፤ ታዲያ ያንተን ሳደርገው ፊደሉ ጭራሽ የሚጠፋብኝ ለምንድን ነው?» አለችኝ። የፊዚክስ መምህር ነኝና ጥያቄው እንግዳ አልነበረም። ሆኖም ጥቁር ሰሌዳና ቀመር በሌለበት፣ በሁለት መነጽር፣ በአንድ ሻማና በአንድ ነጭ ወረቀት ብቻ ማስረዳት ነበረብኝ። እዚህም የምሄደው በዚያው መንገድ ነው።

ብዙ ሰው መነጽር ዓይንን ያበረታል ይላል፤ ሌላው ደግሞ ነገሩን ያተልቃል ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። መነጽር ዓይንን አይነካውም። የሚሠራው የሚታየውን ነገር ዓይናችን ሊያየው ወደሚችልበት ቦታ ማዛወር ነው። የእኔ መነጽር እንጦጦን ከአድማስ አንሥቶ ከፊቴ ግማሽ ሜትር ላይ ያቆምልኛል። የእናቴ መነጽር ደግሞ በአንድ ስንዝር ላይ ያለውን ዳዊት ወደዚያው ግማሽ ሜትር ይገፋላታል። ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም፤ በማስመሪያ ተለክቶ የሚገኝ ነገር ነው።

መነሻው ብርሃን ከአንድ ነጥብ እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ ነው። የሻማን ነበልባል ጫፍ አስቡ። ከዚያች ነጥብ ብርሃን በየአቅጣጫው ይረጫል። ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ሲወረወር የሚነሣው ቀለበት ድንጋዩ በወደቀበት አጠገብ በጣም የታጠፈ ነው፤ ዳር ሲደርስ ግን ሰፍቶ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ከቅርብ ነገር የሚመጣው ብርሃን ዓይናችን ላይ ሲደርስ ገና በኃይል እየተበተነ ነው። ከሩቅ የሚመጣው ግን ጨረሮቹ ጎን ለጎን የሚሄዱ ያህል ተስተካክለዋል። የዓይን ሐኪሞች ይህን ብተና የሚለኩት በዳዮፕተር ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው። 100ን ነገሩ ባለበት ርቀት በሴንቲሜትር ማካፈል ብቻ ነው። በ25 ሴንቲሜትር ላይ ካለ መጽሐፍ የሚመጣው ብርሃን ብተናው 4 ነው፤ ከ50 ሴንቲሜትር የሚመጣው 2፤ ከ2 ሜትር የሚመጣው ግማሽ ብቻ። ከእንጦጦ የሚመጣው ደግሞ ዜሮ ነው ቢባል አያሳስትም።

በመነጽር ላይ የተጻፈው ቁጥርም የሚለካው በዚሁ ነው። ፕላስ ሁለት ማለት በውስጡ ካለፈው ብርሃን ላይ ሁለት ብተና የሚቀንስ ማለት ነው። ማይነስ ሁለት ደግሞ ሁለት የሚጨምር። ለእናቴ በመጀመሪያ ያሳየኋት ይህንን ነበር፦ ሁለቱን መነጽሮች ደራርቤ በሁለቱም ውስጥ አሻግራ ወደ ውጭ እንድታይ አደረግኩ። ምንም ለውጥ የለም፤ ተራ የመስኮት መስተዋት ነው የሆኑት። አንዱ የቀነሰውን ሌላው መልሶ ጨመረ። የቁጥሩ እኩልነትና የምልክቱ ተቃራኒነት ከዚህ የበለጠ አይገለጽም።

ሌንሱ ይህን የሚያደርገው በቅርጹ ነው። ብርሃን መስተዋት ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በሰያፍ ከገባ ደግሞ አቅጣጫው ይሰበራል። የእናቴን መነጽር በጣት ዳሰስ ዳሰስ ብታደርጉት መሃሉ ወፈር፣ ጠርዙ ሳሳ ያለ ነው። የእኔ ተቃራኒው ነው፤ መሃሉ ስስ፣ ጠርዙ ወፍራም። ብርሃን ሁልጊዜ ወደ ወፍራሙ ወገን ይታጠፋል። ስለዚህ የእሷ ጨረሮችን ወደ መሃል ይሰበስባል፤ የእኔ ወደ ዳር ይበትናል። የመጀመሪያውን ሰብሳቢ፣ ሁለተኛውን በታኝ ሌንስ ብለን እንቀጥል።

አሁን የእናቴን መነጽር ይዛችሁ ከመስኮት ትይዩ ካለው ግድግዳ አጠገብ ቁሙ። ክፍሉ ጨለም ይበል፤ ውጭው ብሩህ ይሁን። መነጽሩን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል አርቃችሁ ወደፊትና ወደኋላ ብታንቀሳቅሱት በአንድ ቦታ ላይ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ዛፍና ሰማዩ በትንሹ ተሥለው ግድግዳው ላይ ይታያሉ፤ ሁሉም ተገልብጠው። ዛፉ ሥሩ ወደ ላይ፣ ሰማዩ ከታች። ሩቅ ካለ ነገር የመጣው ዜሮ ብተና ያለው ብርሃን በሌንሱ ሁለት ተቀንሶበት አሁን ወደ ውስጥ እየተሰበሰበ ነው፤ የሚገናኘውም በ50 ሴንቲሜትር ላይ ነው። ይህ ርቀት የሌንሱ የትኩረት ርቀት ይባላል። ግድግዳው ላይ ያረፈው ሥዕል ደግሞ እውን ምስል ነው። እውን የተባለው ብርሃኑ በርግጥ እዚያ ደርሶ ስለተገናኘ ነው። ወረቀት ብታስቀምጡ ይቀበለዋል፤ የካሜራ ፊልም ቢቀመጥ ይቀረጽበታል።

ለምን ይገለበጣል? ይህን ለማየት ሥዕል መሥራት ይሻላል፤ ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚሸመድዱት እንጂ የሚያምኑት ያልሆነ ሥዕል ነውና ቀስ ብለን እንሥራው። ወረቀታችሁን አጋድሙና ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። አንድ ሴንቲሜትር በወረቀት ላይ ዐሥር ሴንቲሜትር በቤት ውስጥ ይሁን። ከወረቀቱ ግራ ጠርዝ ዐሥር ሴንቲሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ሌንሱን በቁም መስመር አመልክቱ። ከሌንሱ ግራና ቀኝ 5 ሴንቲሜትር ላይ የትኩረት ነጥቦቹን አስቀምጡ። ከዚያ በግራ በኩል 7.5 ሴንቲሜትር ላይ፣ ማለትም በቤቱ ውስጥ 75 ሴንቲሜትር ላይ፣ ቁመቷ 2 ሴንቲሜትር የሆነች ሻማ አቁሙ።

ከነበልባሉ ጫፍ ስፍር ቁጥር የሌለው ጨረር ይወጣል። ከእነሱ መካከል መንገዳቸውን አስቀድመን የምናውቃቸው ሁለት አሉ። አንዱ ከመሃል መስመሩ ጋር ትይዩ ሆኖ ሄዶ ሌንሱ ላይ የሚደርሰው ነው፤ እሱ ከሌንሱ ሲወጣ በቀኝ በኩል ባለው የትኩረት ነጥብ ያልፋል። ሌላው በሌንሱ እምብርት የሚያልፈው ነው፤ እምብርቱ ላይ የሌንሱ ሁለት ፊቶች ትይዩ ስለሆኑ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሁለቱን አስረዝሟቸው። ከሌንሱ በስተቀኝ 15 ሴንቲሜትር ላይ፣ ከመስመሩ 4 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይቋረጣሉ። የነበልባሉ ጫፍ ምስል እዚያ ነው። የሻማው ሥር መስመሩ ላይ ነበር፤ ምስሉም መስመሩ ላይ ይቀራል። ጫፉ ግን በእምብርቱ በኩል አቋርጦ ወደ ታች ወርዷል፤ ሻማው የተገለበጠው በዚህ ነው። እጥፍ ያደገውም ምስሉ ከሌንሱ በእጥፍ ስለራቀ ነው።

በብተና ስሌትም ያው ይወጣል። 100ን በ75 ስናካፍል 1.33 ነው፤ ሌንሱ 2 ሲቀንስ 0.67 ያህል ወደ ውስጥ መሰብሰብ ይተርፋል፤ 100ን በዚያ ስናካፍል 150 ሴንቲሜትር። ማታ መብራቱን አጥፍተን ሻማ ለኩሰን ሞክረነዋል። መነጽሩን ከሻማው 75 ሴንቲሜትር፣ ግድግዳውን ከመነጽሩ አንድ ሜትር ተኩል አድርገን ስንለካ የተገለበጠው ነበልባል በእጥፍ አድጎ ግድግዳው ላይ ተንቀጠቀጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ጥያቄ ለተማሪዎቼ እጠይቃለሁ። የሌንሱን ግማሽ በካርቶን ብንሸፍን ምስሉ ምን ይሆናል? አብዛኞቹ ግማሹ ይጠፋል ይላሉ። እንዲህ የሚሉት ሥዕሉ ላይ ያሠመርናቸውን ሁለት ጨረሮች ብርሃኑ ሁሉ እነሱ ብቻ እንደሆኑ አድርገው ስለሚወስዷቸው ነው። ሸፍናችሁ እዩት፤ ምስሉ ሙሉ ነው፤ ደብዘዝ ይላል እንጂ ምንም አልጎደለውም። እያንዳንዷ የነበልባል ነጥብ ብርሃኗን ለሌንሱ ገጽ በሙሉ ታካፍላለች፤ ከተረፈው ግማሽ ያለፈው ያው ቦታ ላይ ይገናኛል። ሁለቱ ጨረሮች መገናኛውን ለማግኘት የተመረጡ ምስክሮች ናቸው፤ የቀሩትም ሁሉ ወደዚያው ይመጣሉ።

ቀጥሎ ሻማውን ወደ መነጽሩ አቅርቡት፤ 25 ሴንቲሜትር ላይ ይሁን። ግድግዳውን የፈለጋችሁትን ያህል አርቁ፣ አቅርቡ፤ ምስል አይገኝም። ስሌቱ ምክንያቱን ይናገራል። ከ25 ሴንቲሜትር የሚመጣው ብተና 4 ነው፤ ሌንሱ 2 ቀነሰ፤ 2 ብተና ቀረ። ብርሃኑ ከበፊቱ ያነሰ ቢሆንም አሁንም እየተበተነ ነው፤ የሚበተን ብርሃን ደግሞ ወደፊት የትም አይገናኝም። በሥዕሉ ላይ ሻማውን 2.5 ሴንቲሜትር ላይ አቁማችሁ ሁለቱን ጨረሮች ብታሠምሩ ከሌንሱ በስተቀኝ ሲራራቁ ታያላችሁ። ይሁንና በነጠብጣብ መስመር ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ ብታስረዝሟቸው 5 ሴንቲሜትር ላይ ይገናኛሉ፤ ከመስመሩም 4 ሴንቲሜትር ከፍ ብለው። በሌንሱ ውስጥ የሚመለከት ሰው ነበልባሉን የሚያየው እዚያ ነው፤ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ቁመቱ እጥፍ ሆኖ፣ ከሌንሱ 50 ሴንቲሜትር ርቆ።

ይህ ምናባዊ ምስል ይባላል። ስሙ የሌለ ነገር ያስመስለዋል እንጂ በዓይን የሚታይ፣ ቦታው የሚለካ ነው። የፊት መስተዋት ውስጥ የምታዩት ፊታችሁ እንዲሁ ነው፤ ከመስተዋቱ ጀርባ ቆሞ ይታያል፤ ከጀርባው ግን ግድግዳ እንጂ ብርሃን የለም። ወረቀት ብታስቀምጡ ምንም አያርፍበትም። ነጠብጣቡ መስመር ላይ ብርሃን አልሄደም። ቢሆንም ዓይን ብርሃኑ በመንገድ ላይ ምን እንደገጠመው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያውቀው የደረሰውን ብተና ብቻ ነው። ብተናው 2 ከሆነ፣ ነገሩ 50 ሴንቲሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይደርሰዋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የመነጽር ጉዳይ በሙሉ በዚህች ነጥብ ላይ የቆመ ነው።

የእኔ መነጽር፣ በታኙ፣ ግድግዳ ላይ ምንም ዓይነት ምስል አይሠራም። ፀሐይ ላይ ይዛችሁ ጥላውን ብታዩት መሃሉ ደብዘዝ ያለ፣ ዙሪያው በብሩህ ቀለበት የተከበበ ነው፤ ብርሃኑ ከመሃል ወደ ዳር እንደተገፋ ያሳያል። ብተናን የሚጨምር ሌንስ ከእውነተኛ ነገር የመጣን ብርሃን አንድ ቦታ ሊያገናኝ አይችልምና የሚሰጠው ሁልጊዜ ምናባዊ፣ ቀጥ ያለና ያነሰ ምስል ነው። የማንን መነጽር እንደያዛችሁ ከጠፋባችሁ ክንዳችሁን ሳትዘረጉ መነጽሩን ከዓይናችሁ ትንሽ አርቃችሁ በውስጡ ሩቅ ያለ ነገር እያያችሁ ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱት። ነገሩ ወደ ግራ ከሸሸ ፕላስ ነው፤ አብሮ ወደ ቀኝ ከሄደ ማይነስ።

አሁን ወደ ዓይን። ጀርመናዊው ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1604 ባሳተመው መጽሐፍ ዓይን እንደ እናቴ መነጽርና እንደ ግድግዳው እንደሚሠራ አስረዳ፤ ፊት ለፊት ብርሃን የሚሰበስብ ክፍል አለ፣ ከኋላ የተገለበጠ እውን ምስል የሚያርፍበት መጋረጃ፣ ሬቲና፣ አለ። ፈረንሳዊው ዴካርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1637 ሙከራውን ጻፈው። የበሬ ዓይን ወስዶ ከጀርባው ሽፋኑን ቆርጦ በምትኩ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነጭ ነገር መለጠፍ፣ ከዚያ በጨለማ ክፍል መስኮት ቀዳዳ ላይ መሰካት። ውጭ ያለው ነገር ሁሉ ተገልብጦ በዓይኑ ጀርባ ላይ ተሥሎ ይታያል። የእኛም ሬቲና ላይ ዓለም ተገልብጣ ነው የምታርፈው፤ አእምሯችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዚያ ሥዕል እየሠራ ስላደገ አይቸግረውም።

የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊሜትር ያህል ነው። የመሰብሰብ አቅሙ በጠቅላላው 60 ዳዮፕተር አካባቢ ሲሆን ከዚህ ሦስት እጅ ሁለቱ የሚሠራው ዓይንን ከፊት በሸፈነው ጥርት ያለ ቆዳ፣ በኮርኒያ፣ ላይ ነው። ውኃ ውስጥ ዓይናችሁን ስትገልጡ ሁሉም ነገር የሚደበዝዘው ለዚህ ነው፤ ውኃና ኮርኒያ ብርሃንን የሚያዘገዩት በተቀራራቢ መጠን ስለሆነ የኮርኒያ ሥራ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። የቀረውን የሚሸፍነው ከብሌኑ ጀርባ ያለው የዓይን ሌንስ ነው። እሱ ለስላሳ ስለሆነ በዙሪያው ባለው ጡንቻ ቅርጹን ይለውጣል። ጤነኛ ዓይን ዘና ሲል ዜሮ ብተና ያለውን የእንጦጦን ብርሃን ልክ ሬቲናው ላይ ያገናኛል። ወደ መጽሐፍ ሲዞር ጡንቻው ሌንሱን ያወፍረውና ተጨማሪ ይሰበስባል። በ25 ሴንቲሜትር ለማንበብ 4 ዳዮፕተር ጭማሪ ያስፈልገዋል። የዐሥር ዓመት ልጅ ከዐሥር በላይ መጨመር ይችላል።

የእኔ ዓይን ከሚገባው በላይ ረዝሟል። ማይነስ ሁለት ለመሆን አንድ ሚሊሜትር እንኳ መሙላት አያስፈልግም። ከእንጦጦ የመጣው ብርሃን ሬቲናዬ ጋ ሳይደርስ ቀድሞ ይገናኝና ከዚያ መልሶ ይበተናል፤ ሬቲናው ላይ የሚያርፈው ነጥብ ሳይሆን ትንሽ ክብ ነው። የተራራው እያንዳንዱ ነጥብ እንዲህ ክብ ሲሆን፣ ክቦቹም እርስ በርስ ሲደራረቡ ተራራው ጭጋግ ይሆናል። ዓይኔ ዘና ብሎ ጥርት አድርጎ የሚያየው ብተናው 2 የሆነ ብርሃን ብቻ ነው፤ ማለትም በ50 ሴንቲሜትር ላይ ያለ ነገር። ከዚያ ለቀረበው ጡንቻው ይረዳኛል። ለራቀው ግን ምንም መላ የለም፤ ጡንቻው የሚያውቀው መጨመር እንጂ መቀነስ አይደለምና።

ስለዚህ መፍትሔው እንጦጦን 50 ሴንቲሜትር ላይ ማምጣት ነው። ዜሮ ብተና ያለው ብርሃን በማይነስ ሁለት ሲያልፍ ብተናው 2 ይሆናል፤ ዓይኔም ተራራው ከፊቱ ግማሽ ሜትር ላይ እንደቆመ ሆኖ ይደርሰዋል። ተራራው ካለሁበት 500 ሜትር ከፍ ይላል፣ ርቀቱም 5 ኪሎ ሜትር ነው እንበል፤ ምናባዊው ምስል ቁመቱ 5 ሴንቲሜትር ነው። አንድ ጣት የምታህል እንጦጦ፣ ዛፏና ገደሏ ሳይቀር፣ ከፊቴ ቆማለች። ግን አንሳ አትታየኝም፤ ቁመቷ የቀነሰው ርቀቷ በቀነሰበት መጠን ስለሆነ በዓይኔ ላይ የምትይዘው ስፋት ያው ነው። በ2 ሜትር ላይ ያለ ሰሌዳስ? ግማሽ ሲደመር ሁለት፣ ሁለት ተኩል፤ 40 ሴንቲሜትር ላይ ይመጣል፤ የቀረውን ግማሽ ዳዮፕተር ጡንቻዬ በቀላሉ ይጨምራል።

መጽሐፍ ላይ ነገሩ ይለወጣል። በ50 ሴንቲሜትር የያዝኩት መጽሐፍ በመነጽሬ ውስጥ 25 ሴንቲሜትር ላይ ይመጣብኛል። ወጣት ሳለሁ አላስቸገረኝም። ጡንቻውና ሌንሱ ሲደክሙ ግን መነጽሩን አውልቆ ማንበብ ይቀላል። እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ስልሳ ዓመት ሆኗቸው ጋዜጣ ያለ መነጽር ሲያነቡ ታይተው «ዓይኑ ገና ጎረምሳ ነው» የሚባሉት ለዚህ ነው። የዓይናቸው ሌንስ እንደ ሌላው ሰው ደርቋል፤ ነገር ግን ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ 50 ሴንቲሜትር ላይ የተተከለ ነው።

የእናቴ ጉዳይ ከመርዘም ወይም ከማጠር ጋር አይገናኝም። የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየጠጠረ ይሄዳል፤ በሃምሳዎቹ ውስጥ ጡንቻው ቢጨማደድም ሌንሱ እንደ ልቡ አይወፍርም። እሷ በሙሉ ጥረቷ መጨመር የምትችለው ሁለት ዳዮፕተር ያህል ነው፤ ስለዚህ የምታየው ከ50 ሴንቲሜትር ወዲያ ያለውን ብቻ ነው። መጽሐፉን 25 ላይ ስትይዘው ብተናው 4፣ መነጽሯ 2 ቀነሰ፣ 2 ቀረ፤ ዳዊቱ 50 ሴንቲሜትር ላይ ሄደላት። ቅድም በሻማ የሠራነው ምናባዊ ምስል እንዳለ ይኸው ነው። ሙሉ ጥረት ግን ስለሚያደክማት 33 ሴንቲሜትር ላይ እንድትይዘው ነገርኳት፤ ያኔ ምስሉ አንድ ሜትር ላይ ይሄድና የአቅሟን ግማሽ ብቻ ትጠቀማለች። ፊደሉ ያደገ የመሰላትም ሌንሱ ስላተለቀው አይደለም። ምስሉ ቢያድግም በዚያው መጠን ርቋል። ፊደሉን ያሳደገው ቀድሞ በክንድ ርቀት የነበረው መጽሐፍ አሁን መቅረብ መቻሉ ነው።

የእኔን ስታደርግ ለምን ፊደሉ እንደጠፋባት እንግዲህ ግልጽ ነው። አራት ላይ ሁለት ጨምሮ ስድስት አደረገው፤ መጽሐፉን ወደ አፍንጫዋ፣ 17 ሴንቲሜትር ገደማ አመጣባት። በራሷ መነጽር ወደ መስኮቱ ቀና ስትልም ሰፈሩ ይደበዝዝባታል፤ ስለዚህ ሩቅ ስታይ በመነጽሩ ጠርዝ ላይ አሻግራ ትመለከታለች፤ ልክ ነች።

በተፈጥሮ ዓይኑ አጭር የሆነ ሰው ግን ሌላ ነው፤ በተለይ ልጅ ከሆነ። ብርሃኑ ሳይገናኝ ሬቲናው ላይ ይደርሳል። ሁለት ዳዮፕተር የጎደለው ልጅ ለሩቁ ሁለት፣ ለመጽሐፉ ሌላ አራት፣ በድምሩ ስድስት መጨመር አለበት። አቅሙ ስላለው ይጨምራል፤ በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰንጠረዥ እስከ ታች ያነብና «ዓይኑ ደህና ነው» ይባላል። ከዚያ ማታ ራሱን ያመዋል፣ ማንበብ ይጠላል፣ አንዳንዱም አንድ ዓይኑ ወደ ውስጥ ይዞራል። ፕላስ መነጽር ይህን ሸክም ያነሣለታል። እንዲህ ያለውን ልጅ የሚለየው ለሩቅ የሚደረግ የፊደል ፈተና ብቻውን አይደለም፤ ጡንቻውን በጠብታ ዘና አድርጎ የሚለካ ባለሙያ ያስፈልጋል።

መነጽር ዓይንን ያበላሻል የሚለውን ፍርሃት ከብዙ ወላጆች ሰምቻለሁ። የማይነስ ቁጥር በልጆች ላይ በየጊዜው የሚጨምረው ዓይኑ ራሱ እያደገ ሲሄድ ስለሚረዝም ነው። መነጽሩ የሚለውጠው ብርሃኑን ነው እንጂ ዓይኑን አያስረዝምም።

ሌንስ የማይደርስበት ችግርም አለ። ሞራ የጋረደው ዓይን፣ ኮርኒያው በትራኮማ ጠባሳ የያዘ ዓይን ወይም ነርቩ በግላኮማ የተጎዳ ዓይን በፕላስም በማይነስም አይስተካከልም፤ ጉድለቱ ብርሃኑ በሚገናኝበት ቦታ ላይ አይደለምና። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል ፍተሻ አለ። ጠንከር ያለ ወረቀት ላይ አንድ ሚሊሜትር የምታህል ቀዳዳ በመርፌ ብሱና አንድ ዓይን ሸፍናችሁ በሌላው በቀዳዳዋ ውስጥ የደበዘዘውን ጽሑፍ ተመልከቱ። ቀዳዳዋ ከየነጥቡ ቀጭን የብርሃን ዘለላ ብቻ ስለምታሳልፍ ሬቲናው ላይ የሚያርፈው ክብ ያንሳል። ጽሑፉ ከጠራ ችግሩ የመነጽር ነው ማለት ይቻላል። ካልጠራ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላልና የዓይን ሐኪም ዘንድ ሳይዘገዩ መሄድ ያስፈልጋል። ፍተሻዋ የሐኪምን ምርመራ አትተካም፤ ወዴት መሄድ እንዳለብን ግን ትጠቁማለች።

ልጆች ይህን ቀዳዳ ማንም ሳያስተምራቸው ይሠሩታል። ሰሌዳው የደበዘዘበት ልጅ ቅንድቡን ጨምድዶ ዓይኑን ያጠብባል፤ የዓይኑን ቆብ ቀዳዳ ማድረጉ ነው። ሰሌዳ ለማንበብ ዓይኑን የሚያጠብብ ልጅ ቤታችሁ ወይም ክፍላችሁ ውስጥ ካለ እባካችሁ ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት ዓይኑን አስመርምሩት።